በረዶው ጣሪያ አይደበድብም

«ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? እዚሁ ጅማ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የቶልስቶይን አና ካሬኒና ይዣለሁ፤ ባለትዳሯ አና ከመኮንኑ ቭሮንስኪ ጋር ፍቅር የምትያዝበትን የሩሲያ ልቦለድ። ርዕሴ መቼትና የአየር ጠባይ የገጸ ባሕርይዋን ውስጥ እንዴት እንደሚያሳዩ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አስገብቼ አማካሪዬ መለሱልኝ። ጠርዙ ላይ በቀይ አንድ ነገር ብቻ ጽፈዋል፤ ‹በረዶው ዝም ብሎ ቢጥልስ?› ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍኩም። የተመለሰብኝ አንቀጽ ይሄ ነው፤ ‹የበረዶው ማዕበል የአናን የፍቅር ማዕበል ይወክላል። በረዶው የባቡሩን ጣሪያ ሲደበድብ የአና ልብ ለቭሮንስኪ መምታቱን ያሳያል።› አብሮኝ የሚያጠና ጓደኛዬ ደግሞ ‹እውናዊ ልቦለድ ነው፣ አገሩ ሩሲያ ነው፣ ወቅቱ ብርድ ነው፣ በረዶ ይጥላል፣ አለቀ› ይላል። በዚህ ተኳርፈን ሳምንት ሆነን። እውነቱን ለመናገር ያን ዓይነት በረዶ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ርዕስ ልቀይር? ወይስ የሌለ ነገር ነው የማየው?»
ግራ የገባት፣ ከጅማ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ መውረድ ጀመረ። አዝኖ ነበር ብለሽ እንዳትጽፊ ብቻ። ያሳሰበኝ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብሴ ነው።

ርዕስ አትቀይሪ። የሌለ ነገር አላየሽም፣ ያየሽውን ነገር የጻፍሽበት መንገድ ነው ያስቸገረሽ። አማካሪሽ የጻፉት ጥያቄ ደግሞ ስድብ አይመስለኝም። እኔ እንደገባኝ ከሆነ የምዕራፍሽን መግቢያ ነው የሰጡሽ። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበልሽ። በአማርኛ ሰማይም ሰውም ይዳምናል። ቀኑ ጭፍግግ ይላል፣ ፊትም ጭፍግግ ይላል። ሰማይ ይጠቁራል፣ ሰውም ይጠቁራል፣ ሁለቱም ደግሞ ሲላቸው ይፈካሉ። ስለዚህ ለእኛ ሰማይንና ሆድን ማመሳሰል ከልጅነት የያዝነው የአፍ ልማድ ነው። ለኑሮ ግሩም ነው። ልቦለድ ስንተነትን ግን ያሳስተናል፣ ምክንያቱም ማስረጃ ሳንፈልግ «ዝናብ ሐዘን ነው፣ ፀሐይ ደስታ ነው» ብለን ቁጭ እንላለን። እኔም ተማሪ ሳለሁ ልክ እንደዚህ አድርጌ ጻፍኩ። መምህሬ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ «አንተ የጅማ ልጅ አይደለህም እንዴ? ዝናብ ሐዘን ከሆነ እናንተ አገር ዓመቱን ሙሉ ለቅሶ ነው» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም እያፈርኩ ሳቅሁ።

አሁን ወደ አንቀጽሽ እንምጣ። «በረዶው የባቡሩን ጣሪያ ሲደበድብ» ብለሻል። እህቴ፣ ይሄ በረዶ የሩሲያ አይደለም፣ የራሳችን ነው። እኛ በረዶ የምንለው እንደ ጠጠር ከሰማይ የሚወርደውን፣ ቆርቆሮውን የሚቀጠቅጠውንና የጎመኑን ቅጠል የሚበሳሳውን ነው። የሩሲያው ሌላ ነው። ባዘቶ ነው የሚመስለው፣ ሲያርፍ ድምፅ የለውም። በአማርኛ ሁለቱንም በረዶ ስለምንላቸው ሳታውቂው የእኛን ጠጠር ባቡሩ ላይ አወረድሽው፣ ከዚያ ከጠጠሩ ድምፅ የልብ ምት አወጣሽ። መጽሐፉን ገልጠሽ እይ። በረዶው የግራውን መስኮት ይመታና መስታወቱ ላይ ይጣበቃል። በአጠገቧ የሚያልፈው የባቡር ሠራተኛ አንድ ጎኑን በረዶ ለብሷል። በኋላ ጣቢያው ላይ ፉርጎውም፣ ምሰሶውም፣ ሰዉም በአንድ ጎን በበረዶ ተሸፍኗል። የሚሰማው ድምፅ ሁሉ የነፋስ፣ የብረትና የባቡር ነው።

«አይቼ አላውቅም» ብለሽ ያፈርሽበት ነገርም ለዚህ መልስ አለው። ያንን በረዶ አላየሽም፣ ውሽንፍር ግን ታውቂያለሽ። ጃንጥላ ይዘሽ ከመርካቶ ስትመለሺ ከጎን መጥቶ ግማሽ ቀሚስሽን አርሶ ግማሹን ደረቅ የሚተውልሽ እሱ ነው። አሁን ያንኑ በረዶ አድርጊው፣ ሌሊት አድርጊው። «በአንድ ጎን የተሸፈነ» ያለው ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባሻል። ስለዚህ «ማዕበል» የሚለውን ትተሽ «የበረዶ ውሽንፍር» በይው። ማዕበል ባሕር ያስታውሳል፣ ይሄ ግን ነፋስ ነው።

ጓደኛሽ ግማሽ ትክክል ነው። ይሄንን ስነግርሽ እንዳትቆጪኝ። እውናዊ ልቦለድ ውስጥ አየሩ በቅድሚያ አየር መሆን አለበት። ወቅቱ ብርድ ነው፣ አና ከሞስኮ ወደ ፒተርስበርግ በሌሊት ባቡር እየተመለሰች ነው፣ ባቡሩ መሀል መንገድ ላይ ቦሎጎዬ ይቆማል። ደራሲው ውሽንፍሩን ለአና ብሎ ከሰማይ አልጠራውም። እሷ ባትሳፈርም ይጥል ነበር። ቭሮንስኪ ራሱ ከፉርጎው የወረደው፣ ቆይቶ እንደምናነበው፣ የማዕድን ውኃ ሊጠጣ ነው! እንዲህ ያለ ተራ ምክንያት ነው እውናዊውን ልቦለድ ከተረት የሚለየው። በተረት ንጉሡ ሲሞት ሰማይ ይጮኻል። እዚህ ሰማይ ማንም ኖረ ማንም ሞተ ሥራውን ይሠራል።

እና ለአማካሪሽ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «አዎ፣ ዝም ብሎ ነው የጣለው» ነው። ጓደኛሽ ግን እዚያ ላይ አቆመ። የአንቺ ሥራ የሚጀምረው እሱ ካቆመበት ነው፤ ዝም ብሎ የጣለውን በረዶ አና እንዴት ነው ያየችው?

አንድ ቀላል ዘዴ አለኝ። አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈይ። ትዕይንቱ በአንደኛው ክፍል፣ 29ኛውና 30ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እያነሳሽ «አና እዚያ ባትኖር ይሄ ነገር ይኖር ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ይኖር ከነበረ በግራ ጻፊው። መስኮቱ ላይ የተጣበቀው በረዶ ግራ ነው፣ አንድ ጎኑ የተሸፈነው ሠራተኛም ግራ ነው። እሷ ባትኖር የማይኖረውን በቀኝ ጻፊ። በሩን ከፍታ ስትወጣ ነፋሱ አድብቶ የጠበቃት ይመስላል፣ በደስታ እያፏጨ ነጥቆ ሊወስዳት ይሞክራል። ነፋስ አያደባም፣ ደስም አይለውም። ይሄ ሰውኛ ዘይቤ ነው፣ ያንን ተምረሻል። ግን «ሰውኛ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ማን ነው ነፋሱን ሰው ያደረገው? ተራኪው ነው ወይስ አና? እዚያው መድረኩ ላይ ሌሎች ሰዎች አሉ። ይሯሯጣሉ፣ በደስታ ያወራሉ፣ በር ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ ሁለት ሰዎች ሲጋራ ለኩሰው በአጠገቧ ያልፋሉ። ለእነሱ ነፋስ ነፋስ ነው። የሚያደባው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ስሜቷን የሚያሳየው መስተዋት ያለው አየሩ ውስጥ አይደለም፣ የምታየው ሴት ዓይን ውስጥ ነው። የአንቺ አንቀጽ «ይወክላል» ባለ ጊዜ ይሄንን ዘለለው። ውክልና ሁለት ነገር አስቀምጦ መሀላቸው የእኩል ምልክት ማድረግ ነው። እዚህ ግን የሚሆነው ነገር እንቅስቃሴ አለው። አየሩ እንዳለ ነው፣ የምታይበት መንገድ ግን ይቀያየራል። አብረን እንከተለው።

ባቡሩ ሲነሳ አና ፋኖሷን ከመቀመጫዋ ክንድ ላይ አስራ፣ የመጽሐፍ ገጽ መቅደጃ ቢላዋና አንድ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ታወጣለች። ማንበብ አልቻለችም። የባቡሩ ድምፅ፣ መስኮቱ ላይ ያለው በረዶ፣ ውጪ ስላለው ከባድ ውሽንፍር የሚወራው ወሬ ሐሳቧን ይሰርቀዋል። እዚህ ላይ በረዶው ረባሽ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ከዚያ ሁሉም ነገር ያው እየሆነ ይሄዳል፤ ያው መንገጫገጭ፣ ያው በረዶ፣ ያው ከሙቀት ወደ ብርድ ከብርድ ወደ ሙቀት መለዋወጥ። አሁን በረዶው ጠፋ፣ ማንበብ ቻለች። ግን የሌላ ሰው ሕይወት ማንበብ አላረካት አለ፣ ራሷ መኖር ፈለገች። ድንገት እፍረት ተሰማት። ምን አደረግሁና ነው የማፍረው ብላ የሞስኮውን ግብዣ፣ ቭሮንስኪን፣ ሁሉን ታስታውሳለች። ትዝታዋ ቭሮንስኪ ጋ ሲደርስ አንድ የውስጥ ድምፅ «ሞቀ፣ በጣም ሞቀ፣ ተቃጠለ» የሚል ይመስላታል። ልጆች የተደበቀ ዕቃ ሲፈልጉ እንደሚባለው ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ፉርጎው በምድጃ ይሞቃል፣ ሙቀቱ የግራ ዓምድ ነው። የውስጧ ድምፅ ደግሞ ያንኑ ቃል ነጠቀ። የፉርጎው ሙቀት ሐሳቧ ውስጥ ገባ፣ ሐሳቧም ወደ ሙቀቱ ወጣ። ቀጥላ ምን አደረገች? ቢላዋውን መስታወቱ ላይ አሳለፈችው፣ ከዚያ ለስላሳውንና ቀዝቃዛውን ብረት ጉንጯ ላይ አደረገችው፣ ያለ ምክንያት በመጣ ደስታም ድምፅ አውጥታ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ይሄ ትንሽ ነገር ከጠቅላላው ውሽንፍር የበለጠ ይነግረናል ባይ ነኝ። በመስታወቱ በወዲያ በኩል ያለውን ብርድ በቢላዋ ቀድታ ፊቷ ላይ አስቀመጠችው። ውጪውን መፈለግ ጀምራለች፣ ግን ገና አልወጣችም።

ባቡሩ ሲቆም ካባዋንና ሻሏን ለበሰች። ሠራተኛዋ ልትወጪ ነው እንዴ ስትላት፣ መተንፈስ እፈልጋለሁ፣ እዚህ በጣም ይሞቃል አለች። እውነቷን ነው፣ ይሞቃል። እውናዊ ልቦለድ እንዲህ ነው፤ ለእያንዳንዱ የልብ ነገር አንድ ተራ የሰውነት ምክንያት ያዘጋጅለታል። ወጣች። ነፋሱ በሩ ላይ ታገላት። ፉርጎው ጥግ ከነፋስ ከለላ ስታገኝ ግን ያንን በረዷማ አየር በሙሉ ደረቷ፣ በደስታ ሳበችው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚህ ሰዓት ቭሮንስኪ የት ነው?

ገና አልመጣም። እሱ የሚታየው በሚቀጥለው ምዕራፍ፣ ከፋኖሱ ብርሃንና ከእሷ መሀል ሲቆም ነው። ለምን እንደምትጓዝ ልታውቅ ስትጠይቀው አንቺ ያለሽበት ለመሆን ነው ይላታል። በዚያው ቅጽበት ነፋሱ ከፉርጎዎቹ ጣሪያ ላይ በረዶውን ያራግፈዋል፣ የተገነጠለ ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ ከፊት የባቡሩ ፉጨት በሐዘን ያስተጋባል። ከዚያ ያ ዝነኛ ዓረፍተ ነገር ይመጣል። በራሴ አማርኛ ላስቀምጠው፤ የውሽንፍሩ አስፈሪነት ሁሉ አሁን ይበልጥ ውብ ሆኖ ታያት።

ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቃላት አስምሪበት። «ታያት» አንዱ ነው። ደራሲው ውሽንፍሩ ውብ ነበር አላለም፣ ለእሷ እንደዚያ ሆኖ ታያት አለ። «አሁን» ሁለተኛው ነው። ከአንድ ደቂቃ በፊት የነበረው ነፋስና የአሁኑ አንድ ናቸው፣ መሀላቸው የገባው አንድ ሰው የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሦስተኛው «ይበልጥ» ነው፣ ይሄ ነው የአንቺን አንቀጽ የሚያፈርሰው። ይበልጥ ውብ ሆነ ከተባለ አስቀድሞም ውብ ነበር ማለት ነው። አዎ ነበር፣ እሱ ሳይመጣ በሙሉ ደረቷ ስትተነፍሰው አይተናል። ስለዚህ ውሽንፍሩ ለቭሮንስኪ ያላትን ፍቅር አይደለም የሚያሳየን። እሱ ከመምጣቱ በፊት በውስጧ ተዘጋጅቶ የነበረውን፣ ከሚሞቅ ክፍል ወደማታውቀው ነገር የመውጣት ፍላጎት ነው። እሱ ውኃ ሊጠጣ ወርዶ እዚያ ላይ ደረሰ። ይሄን ከጻፍሽ አማካሪሽ ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሱበት ምክንያት አይታየኝም፣ ቢያነሱም ሊከራከሩሽ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ይሄ ሁሉ የቆመው በትርጉም ውስጥ ባሉ ሁለት ሦስት ቃላት ላይ ነው። ሩሲያኛ ካላወቅሽ ቢያንስ ሁለት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ጎን ለጎን አስቀምጪ። የኮንስታንስ ጋርኔት በ1901፣ የሉዊዝና አይልመር ሞድ በ1918 የወጡ ናቸው፣ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። «ታያት» እና «አሁን» በሁለቱም ካሉ አይዞሽ። በአንዱ ብቻ ያለ ቃል ላይ ግን ምዕራፍ አትገንቢ።

አሁን ደግሞ ጓደኛሽ ቢሰማው ደስ የሚለው ነገር። ንባብሽ ትክክል መሆኑን የምታውቂው አየሩ ከስሜቷ ጋር በተስማማበት ቦታ አይደለም፣ በተቃረነበት ቦታ ነው። ሰባተኛውን ክፍል፣ 28ኛውን ምዕራፍ አውጪ። አና የምትሞትበት ቀን ነው። «ዝናብ ሐዘን ነው፣ ፀሐይ ደስታ ነው» በሚለው ብንሄድ ጨለማ፣ ነጎድጓድ፣ ቢያንስ ጭጋግ መኖር ነበረበት። ያለው ግን ሌላ ነው። ጠዋት ሙሉ ያካፋው ዝናብ ቆሞ ሰማዩ ጠርቷል። የቤት ክዳኑ ብረት፣ የእግረኛ መንገዱ ድንጋይ፣ የጋሪው ጎማ፣ ቆዳው፣ መዳቡ ሁሉ በግንቦት ፀሐይ ያብረቀርቃል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ መንገዱ በሰው ደምቋል።

ተማሪዎች እዚህ ሲደርሱ ወይ ይዘሉታል፣ ወይ «ንፅፅር ነው» ብለው በአንድ ቃል ይገላገሉታል። አንቺ ዘዴሽን ተጠቀሚ። ብሩሁ ቀን ግራ ዓምድ ነው፣ ለሁሉም ያበራል። ቀኙ ዓምድ የት አለ? ትንሽ ወረድ ብለሽ ፈልጊው። በጋሪዋ ውስጥ ሆና የሱቅ ምልክቶችን ታነባለች፣ መንገደኞችን እያየች ስለ እያንዳንዳቸው መራራ ነገር ታስባለች። 30ኛው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ሁሉን የምታይበትን ያንን ደማቅ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷና በቭሮንስኪ ግንኙነት ላይ እንዳዞረችው ይነገረናል። ብርሃኑ ከመንገዱ ወደ ውስጧ ገባ፣ ልክ የፉርጎው ሙቀት እንደገባው። ግን አላስደሰታትም። ምንም የማይደብቅ፣ ጥላ የሌለው፣ ሁሉን አስቀያሚ አድርጎ የሚያሳይ ብርሃን ሆነባት። በቦሎጎዬ አስፈሪው ነገር ውብ ሆኖ ታያት፣ እዚህ ውቡ ነገር አስፈሪ ሆነ። ይሄን ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጥሽ የመመረቂያ ጽሑፍሽ አጥንት አለቀ። ሌላ ትዕይንት አትጨምሪ። ሦስተኛ ትዕይንት ሁሌ ያጓጓል፣ ብዙ ጊዜ ግን መጨረሻው ዝርዝር ብቻ ነው።

አማካሪሽ ንድፈ ሐሳብ ከጠየቁሽ ጆን ረስኪንን አንሺ። በ1856 ላይ ይሄ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ተፈጥሮን የሰው ስሜት ማልበስን እንደ ስህተት ስም አውጥቶለት ተችቶታል፣ ኃይለኛ ስሜት የነገሮችን መልክ ያዛባብናል ብሎ። ተቃዋሚሽ አድርገሽ አትያዥው፣ ይረዳሻል። ቶልስቶይ ከ1875 ጀምሮ በተከታታይ ባሳተመው በዚህ ልቦለድ ስህተቱን አላስወገደውም፣ ባለቤት ነው የሰጠው። ነፋሱ አያደባም፣ አና ናት እንደሚያደባ የምታየው። ሁለት አንቀጽ ይበቃል፣ ንድፈ ሐሳቡ ልቦለዱን እንዳይውጠው።

ልትጠነቀቂበት የሚገባ አንድ ቦታ አለ። እዚያው ጣቢያ ላይ የጎበጠ የሰው ጥላ በእግሯ ሥር ያልፋል፣ መዶሻ ብረት ሲመታ ይሰማል። ይሄንንም «ውስጧን ያሳያል» ልትይ ይዳዳሽ ይሆናል። አይመስለኝም። በዚያች ቅጽበት አና የደስታ ስሜት ላይ ናት፣ መዶሻው ከዚያ ጋር አይሄድም። እሱ ከኋላና ከፊት ጋር ነው የሚያያዘው፤ ሞስኮ ስትደርስ ባቡር ከጨፈለቀው ዘበኛና ኋላ በሕልሟ ብረት ላይ ጎንበስ ብሎ ከሚያጉረመርመው ገበሬ ጋር። በክፍል የተማርሽው ንግር የሚባለው ነው። መስተዋቱ አሁን ያላትን ስሜት ያሳያል፣ ንግር እሷ ገና የማታውቀውን ለአንባቢው ይጠቁማል። አንድ ትዕይንት ውስጥ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። ካደባለቅሻቸው ግን አማካሪሽ ያገኙሻል፣ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ይሄ ሁሉ ከራቀብሽ በጅማ ሞክሪው። ኅዳር ላይ አንድ ከሰዓት ሳይታሰብ ደመና መጣ እንበል። ጀንፈል ቡናውን አልጋ ላይ ያሰጣ ገበሬ ያንን ደመና ቀና ብሎ ያየዋል። አዌቱ ድልድይ አጠገብ ከአንድ ሱቅ ክዳን ሥር የተጠለሉ፣ ገና ስም ለስም የተዋወቁ ሁለት ልጆችም ያንኑ ደመና ያዩታል። ዝናቡ አንድ ነው፣ ሊትሩም አንድ ነው። ገበሬው ሸራውን እየጎተተ እንዳይወርድ ይለምናል፣ ልጆቹ እንዳይቆም ይለምናሉ። አንዱንም «አዘነ»፣ «ተደሰተ» ሳትዪ ሁለቱንም በአምስት በአምስት መስመር ጻፊ። ገበሬው የሚያየው የደመናውን አቅጣጫና የሸራውን ቀዳዳ ነው፣ ልጆቹ የሚያዩት ከክዳኑ የሚንጠባጠበውን ውኃና የቆሙበትን ቦታ ጥበት ነው። ማን ምኑን መርጦ እንደሚያይ ስትጽፊ ቶልስቶይ ምን እንዳደረገ በእጅሽ ይገባሻል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅብሽም፣ ለማስረከብ አይደለም፣ ለራስሽ ነው።

ከጓደኛሽ ጋር ያለውን ነገርስ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የተኳረፋችሁት በበረዶው ነው ወይስ አማካሪሽ ከእሱ ጋር የተስማሙ ስለመሰለሽ? መልሱን ለራስሽ ያዥው። እኔ ብሆን ግን ወረቀቱን ይዤ እሄድና የግራውን ዓምድ እሱ እንዲሞላው እጠይቀው ነበር። እሱ በተፈጥሮው የግራ ዓምድ ሰው ነው። አና ባትኖርም የሚኖረውን ሁሉ ይልቀምልሽ፣ አንቺ ቀኙን ሙይ። ከዚያ በአንድ ቡና አስተያዩት። በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ የምትጣሉበት ዓረፍተ ነገር መኖሩ አይቀርም። ያ የምትጣሉበት ቦታ ነው ምርጡ፣ ተራኪው የት አብቅቶ አና የት እንደምትጀምር የማይለይበት ቦታ ስለሆነ። ኩርፊያው ካልለቀቀ ደግሞ ቡናውን አንቺ ክፈዪ።

ሦስት ሳምንት በቂ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አትጻፊ፣ ሁለቱን ትዕይንቶች በሁለት ትርጉም አንብቢና ወረቀቱን ሙዪ። በሁለተኛው ቦሎጎዬን ጻፊ፣ በሦስተኛው ያንን የግንቦት ቀን። አማካሪሽ ጋ ግን እስከዚያ አትጠብቂ፣ በዚህ ሳምንት ሂጂ። ስትገቢ ይቅርታ በመጠየቅ አትጀምሪ፣ ወረቀቱን አሳዪያቸውና «አዎ፣ ዝም ብሎ ነው የጣለው፣ እኔ የምጽፈው እሷ እንዴት እንዳየችው ነው» በያቸው። ጥያቄያቸውን እንደ መግቢያ ልትጠቀሚበት እንደምትፈልጊም ንገሪያቸው፤ ብዙ አማካሪ ይሄን ሲሰማ ፈገግ ይላል።

የበረዶውን ነገር የሳትሽው ሁለቱንም በአንድ ቃል መጥራት ስለለመድን ነው፣ ያን ያህል አትፈሪ። ያቺን ጣሪያ የሚደበድበውን ዓረፍተ ነገር ግን ዛሬ ማታ ሰርዢልኝ። ልብሴን ላስገባ፣ አሁንም እያካፋ ነው።